ማርካው፣ ሠሪው፣ ፓነሉ፦ ቴሌቪዥንን ከፎቶ የመለየት ጥያቄ

ያገለገለ ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው፣ ቦርድ ወይም ስክሪን የሚያፈላልግ ጠጋኝ፣ የድሮ ስክሪን የሚሰበስብ የጌም አፍቃሪ፣ አንድ ፎቶ የት አገር እንደተነሣ የሚያጣራ መርማሪ፦ አራቱም አንድ ጥያቄ አላቸው። በፎቶው ላይ የሚታየው ቴሌቪዥን ምንድን ነው? ለመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ስሕተት የሚያስከፍለው ገንዘብ ነው። ለአራተኛው ከዚያ ይከብዳል። ዩሮፖል እ.ኤ.አ. በ2017 በጀመረው ዘመቻ፣ በሕፃናት ላይ የተፈጸመ ጥቃት ከሚያሳዩ ምስሎች ጀርባ ተቆርጠው የወጡ ዕቃዎችን ለሕዝብ እያቀረበ የሚያውቃቸው ሰው ይፈልጋል። ከዕቃው የተሸጠበትን አገር፣ ከአገሩም ተጎጂውን ማግኘት ይቻል እንደሆነ ነው ሙከራው።

ከዕቃ ወደ አገር በሚደረግ እንዲህ ባለ ፍለጋ ውስጥ ቴሌቪዥን ጥሩ ምስክር ነው። በየክፍሉ ይገኛል፤ የፊቱ ቅርፅ በየዓመቱ ይለወጣል፤ ከጀርባው ያሉት ፖርቶችም እንደ አገሩ የሥርጭት ሥርዓት ይለያያሉ። ሆኖም መቆሚያው፣ የጀርባው ፖርቶችና የፊቱ ጠርዝ እኩል ምስክር አይደሉም። የሚመሰክሩትም ስለ ተለያየ ነገር ነው። በዚህ ጉዳይ የሚነሡት ክርክሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ካለመለየት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ዕቃ፣ ሦስት ስሞች

«ይህ ምን ቴሌቪዥን ነው?» የሚለው ጥያቄ በውስጡ ሦስት ጥያቄዎችን ይዟል። የመጀመሪያው ፊቱ ላይ የተጻፈው ማርካ ነው። ሁለተኛው ዕቃውን የገጣጠመው ፋብሪካ ነው። ሦስተኛው የስክሪኑ ፓነል ዓይነትና ሠሪ ነው። በሣጥን ቴሌቪዥን ዘመን ሦስቱ ብዙ ጊዜ አንድ ኩባንያ ነበሩ። ዛሬ አንድ ሆነው የሚገኙት አልፎ አልፎ ነው።

ሶኒ ጥሩ ማሳያ ነው። ከ2004 ጀምሮ ለዓመታት ከሳምሰንግ ጋር በጋራ ባቋቋሙት ፋብሪካ የተመረቱ የኤልሲዲ ፓነሎችን ይጠቀም ነበር፤ በ2011 መጨረሻ ድርሻውን ለመሸጥ ተስማማ። በ2017 ኤይ1 የተባለውን ባለ ኦሌድ ቴሌቪዥን ሲያወጣ ፓነሉ የኤልጂ ዲስፕሌይ ነበር። በ2022 ያወጣው ኤይ95ኬ ደግሞ የሳምሰንግ ዲስፕሌይን ፓነል ይዞ መጣ። ስለዚህ «ሶኒ ነው» ብሎ በትክክል የለየ ሰው ስለ ፓነሉ ገና ምንም አላወቀም።

ማርካና ሠሪም እንዲሁ ተለያይተዋል። ፊሊፕስ የሚል ቴሌቪዥን ከ2012 ወዲህ በአውሮፓ የሚመጣው ቲፒ ቪዥን ከተባለው ኩባንያ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ ግን ስሙን ለብዙ ዓመታት ተከራይቶ የሠራበት የጃፓኑ ፉናይ ነው። ሁለቱ ፊት ላይ አንድ ስም ቢኖራቸውም ውስጣቸው አይገናኝም። በተቃራኒው የቱርኩ ቬስቴል ማኒሳ ከተማ በሚገኘው ፋብሪካው የሚሠራቸው ቴሌቪዥኖች እንደ ቶሺባ፣ ሂታቺና ቴሌፉንከን ባሉ ብዙ ስሞች በአውሮፓ ገበያ ተሸጠዋል። ስማቸው ሌላ ሌላ ሆኖ ጀርባቸው ግን አንድ ነው።

ለጠጋኝ የሚጠቅመው ሁለተኛውና ሦስተኛው መልስ ነው፤ ቦርድ የሚገዛው በማርካ ስላልሆነ። ለገዢ የሚጠቅመው ሦስተኛው ነው። መርማሪ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚፈልገው ዕቃው የተሠራለትን ገበያና ዘመን ነው። አንዱ «ተለየ» ያለውን ሌላው «አልተለየም» የሚለው ለዚህ ነው።

ከሣጥኑ ዘመን የተወረሰው ልማድ

ቴሌቪዥንን በመልኩ የመለየት ልማድ የተወለደው ሰፊ ሣጥንና ትልቅ ጀርባ ከነበራቸው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥኖች ነው። በዚያ ዘመን የመስታወቱ ቅርፅ ራሱ ብዙ ይናገር ነበር። የብዙዎቹ ቱቦ ፊት እንደ ኳስ ቁራጭ በሁለቱም አቅጣጫ የጎበጠ ነበር። ሶኒ በ1968 ያወጣው ትሪኒትሮን ግን ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ይጎብጣል፤ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለ ነው። በፎቶ ላይ የመስኮት ነጸብራቅ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ከታየ ትሪኒትሮን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ስክሪኑ በርቶ በቅርብ ከተነሣ ደግሞ ምስሉን አግድም የሚያቋርጡ አንድ ወይም ሁለት ቀጭን ጥላዎች ይታያሉ፤ በውስጥ የተዘረጉትን ቀጭን ሽቦዎች ከመንቀጥቀጥ የሚይዙ ክሮች ጥላ ናቸው።

ይህ ማስረጃ ጠንካራ የሆነው ምልክቱ ከስክሪኑ አሠራር ስለሚመነጭ ነው። ቅርፁ ንድፍ አውጪ ስለወደደው የመጣ አይደለም፤ ቱቦው ሌላ መልክ ሊኖረው አይችልም ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፊታቸው ፈጽሞ ጠፍጣፋ የሆኑ ቱቦዎች ሲመጡ፣ የትሪኒትሮን ፓተንትም ጊዜው ሲያበቃ፣ ምልክቱ ተዳከመ። ከዚያ በኋላ የመጡት ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ፊታቸው ከሩቅ ሲታይ ጥቁር አራት ማዕዘን ሆነ። መለያው ከመስታወቱ ወደ ጠርዙ፣ ወደ እግሩና ወደ ጀርባው የተሰደደው ያኔ ነው።

መቆሚያው፦ ቶሎ የሚናገር፣ ቶሎ የሚጠፋ

ከመቆሚያው መጀመርን የሚመርጡ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል ነው። ኩባንያዎች አዲስ ሞዴል አዲስ መሆኑ እንዲታይ በጣም የሚደክሙበት ቦታ እግሩ ነው፤ ስለዚህ እግር ማርካንና ዓመትን በአንድ ጊዜ ይናገራል። ከ2008 እስከ 2015 አካባቢ ለተሠሩት ይህ እውነት ነው። ወደ አራት አቅጣጫ የተዘረጉ ቀጭን የብረት ጣቶች ያሉት የሳምሰንግ መቆሚያ ከ2010ና ከ2011 ከፍተኛ ሞዴሎች ጋር የተያያዘ ነው። በ2012 ደግሞ የሳምሰንግ ዋና ሞዴል እንደ ቀስት በጎበጠ አንድ የብረት ዘንግ ላይ ቆመ። የሶኒ ኤይ1 ፊቱ ላይ መቆሚያ የለውም፤ ከኋላው በተዘረጋ ደገፋ ላይ ትንሽ ጋደል ብሎ ይቆማል። በ2015 የወጣው የሳምሰንግ ሴሪፍ ከጎን ሲታይ ትልቅ የላቲን «አይ» ፊደል ይመስላል፤ ከሌላ ጋር የሚያምታታው ሰው የለም።

ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ይህ መንገድ በጣም ጠቧል። ስክሪኑ እየሰፋ ሲሄድ መካከል ላይ የሚቆም ከባድ መሠረት ውድ ሆነና በርካሾቹ ሁሉ ሁለት ትንንሽ እግሮች በግራና በቀኝ ጫፍ ተተከሉ። እንደ ተገለበጠ ቪ የተከፈተ የፕላስቲክ እግር ዛሬ ሂሴንስም፣ ቲሲኤልም፣ ኤልጂም፣ ስማቸው እምብዛም የማይታወቅ ማርካዎችም አላቸው። በአንዳንድ ሞዴሎች እነዚሁ እግሮች በሁለት ቦታ ሊገጠሙ ይችላሉ፤ ጠባቡንና ሰፊውን አቋቋም በፎቶ ያየ ሰው ሁለት የተለያዩ ሞዴሎች ይመስሉታል።

የመቆሚያ ትልቁ ድክመት ግን መነቀሉ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን እግር የለውም። ቤት ሲለወጥ ብሎኖቹ ይጠፋሉ፤ በምትካቸው ለማንኛውም ስክሪን የሚሆን ከገበያ የተገዛ መቆሚያ ከጀርባ ይታሰራል። በፎቶ ላይ የመቆሚያው ዓምድ በጀርባው መካከል ካሉት አራት የግድግዳ ማንጠልጠያ ቀዳዳዎች ጋር ታስሮ ከታየ ያ መቆሚያ ከውጭ የመጣ ነው፤ ስለ ቴሌቪዥኑም ምንም አይናገርም። ስለዚህ መቆሚያ ጥርጣሬን ለመጀመር ጥሩ ነው፣ ለመደምደም ግን ብቻውን አይበቃም የሚሉት ወገኖች የተሻለ ማስረጃ አላቸው።

የጀርባው ፖርቶች

ፖርት ከመቆሚያ የሚበልጠው ከሜይን ቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ ነው። ያለ መሣሪያ አይነቀልም። ከሁሉም በላይ የሚናገረው ደግሞ ስለ ዘመንና ስለ ገበያ ነው።

ስለ ዘመን የሚናገረው በሁለት አቅጣጫ ነው። አንድ ፖርት ከመፈጠሩ በፊት ሊኖር አይችልም፤ ይህ የማይናወጥ ድንበር ነው። የኤችዲኤምአይ የመጀመሪያ ደረጃ የወጣው በ2002 መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ ኤችዲኤምአይ ያለው ቴሌቪዥን ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ከኤችዲኤምአዩ አጠገብ «ኤአርሲ» የሚል ጽሑፍ ካለ ድንበሩ ወደ 2009 ይጠጋል፤ «ኢኤአርሲ» ካለ ወደ 2017 መጨረሻ። የሚቀረው አቅጣጫ ደካማ ነው፤ የድሮ ፖርት መኖሩ ዕቃው የድሮ መሆኑን አያረጋግጥም። ርካሽ ማርካዎች ከኮምፒውተር የሚያገናኘውን ባለ አሥራ አምስት ቀዳዳ ቪጂኤ ትልልቆቹ ከተዉት በኋላም ለዓመታት ይዘውት ቆይተዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ቪጂኤ አይቶ ዕቃውን ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል።

ስለ ገበያ የሚናገረው ደግሞ በአንቴና መግቢያው ይጀምራል። በክር የሚጠበቀው ቀጭን መግቢያ ብቻውን ካለ ዕቃው ለሰሜን አሜሪካ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ለስላሳ ሆኖ ተገፍቶ የሚገባው የአውሮፓና የአፍሪካ ነው። ሁለቱም ጎን ለጎን ካሉና ባለ ክሩ «ኤልኤንቢ» ወይም ሳተላይት የሚል ጽሑፍ ካለው በውስጡ የዲሽ መቀበያ አለው ማለት ነው። ሁለት ረድፍ ሃያ ቀዳዳዎች ያሉትና በብረት ሽፋን የታጠረው ሰፊው ስካርት የአውሮፓ ምልክት ነው፤ ፈረንሳይ ከ1980 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በአገሯ በሚሸጥ አዲስ ቴሌቪዥን ሁሉ ላይ እንዲኖር ታስገድድ ነበር። ካርድ የሚገባበት ሰፊ ስንጥቅ ያለው የክፍያ ጣቢያዎች ማስገቢያም ከአውሮፓ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያ ገዢ ተግባራዊ ትርጉም አለው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ቴሌቪዥን ስቲከሩ ላይ 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈበት በእኛ 220 ቮልት ላይ ያለ ትራንስፎርመር ሲሰካ ይቃጠላል፤ ከ100 እስከ 240 ከተጻፈ ችግር የለም። የውስጥ አንቴና መቀበያው ግን የአሜሪካን ሥርዓት የሚያነብ ስለሆነ እዚህ ጣቢያ አይዝም፤ በኤችዲኤምአይ ከሪሲቨር ጋር ሲገናኝ ብቻ ይሠራል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣው ብዙ ጊዜ በቮልት ይስማማል፤ መለያው ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ትልቅ ሶኬት ነው፣ ምንም እንኳ ገመድ ሊቀየር የሚችል ቢሆንም።

ማርካን በተመለከተ ፖርቶች የሚረዱት በቅርፃቸው ሳይሆን አጠገባቸው በተጻፈው ነው። ሳምሰንግ ለጥገና የሚጠቀምበትን ትንሽ ክብ ቀዳዳ ለብዙ ዓመታት «ኤክስ-ሊንክ» ብሎ ጽፎበታል። ኤልጂ በብዙ ሞዴሎቹ ላይ ባለ ዘጠኝ እግሩን ማያያዣ የመቆጣጠሪያና የጥገና መግቢያ መሆኑን ይገልጻል። ፓናሶኒክ በቪዬራ ቴሌቪዥኖቹ ላይ ለዓመታት የካሜራ ኤስዲ ካርድ ማስገቢያ አድርጓል፤ በሌሎች ላይ ይህ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። በፊሊፕስ ጀርባ ደግሞ ፖርት ያልሆነ ነገር ይፈለጋል፦ ከ2004 ጀምሮ በመጣው አምቢላይት በጠርዙ ዙሪያ የተደረደሩ ትንንሽ መብራቶች፣ በሁለት፣ በሦስት ወይም በአራት ጎን። የሳምሰንግ ከፍተኛ ሞዴሎች ከ2013 ወዲህ ፖርቶቻቸውን ወደ ተለየ ሣጥን አውጥተው ከስክሪኑ ጋር በአንድ ገመድ ያገናኙበት ጊዜ አለ። ኤችዲኤምአይ አንድ እንኳ የማይታይበት አዲስ ጀርባ ስለዚህ ባዶ ማስረጃ አይደለም፤ ከብዙ ጽሑፍ በላይ ማርካን ይጠቁማል።

ጠርዝና ውፍረት፦ የስክሪኑ ዓይነት

የስክሪን ዓይነት ሲባል ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ደረጃ ቤተሰቡ ነው፦ ቱቦ፣ ፕላዝማ፣ ኤልሲዲ፣ ኦሌድ። ሁለተኛው የቤተሰቡ ንዑስ ክፍል ነው፤ ለምሳሌ በኤልሲዲ ውስጥ የጀርባ መብራቱ ፍሎረሰንት ይሁን ኤልኢዲ፣ ከጫፍ ይብራ ከኋላ፣ ፓነሉ አይፒኤስ ይሁን ቪኤ። ብዙ ሰው «ኤልኢዲ ቴሌቪዥን» የሚለው ራሱን የቻለ ቤተሰብ ሳይሆን የጀርባ መብራቱ ኤልኢዲ የሆነ ኤልሲዲ ነው። ሳምሰንግ ከ2017 ጀምሮ ኪውሌድ የሚለውም እንዲሁ የኤልሲዲ ልጅ ነው፤ ስሙ ከኦሌድ ጋር ይመሳሰል እንጂ ዝምድና የላቸውም።

ቤተሰቡን ለመለየት ከጠርዙ በፊት መጠኑ ይጠየቅ የሚሉት ሰዎች ሐሳብ ሊደመጥ የሚገባው ነው። በብዛት የተሸጡ ፕላዝማዎች ከ37 ኢንች አካባቢ ወዲያ ናቸው፤ ፓናሶኒክ በ2013 ማምረቱን እንደሚያቆም አስታወቀ፣ ሳምሰንግና ኤልጂም በ2014 ተከተሉ። ትልልቅ የኦሌድ ቴሌቪዥኖች በ2013 በ55 ኢንች ጀመሩ፤ 48 ኢንች የመጣው በ2020፣ 42 ኢንች በ2022 ነው። ለቤት የተሸጠ 32 ወይም 43 ኢንች ቴሌቪዥን ኦሌድ አይደለም። ሻጩ «ኦሌድ» ብሎ ከጻፈና መጠኑ 43 ከሆነ ነገሩ እዚያው ይዘጋል።

ከመጠን በኋላ ጠርዙና ውፍረቱ ይመጣሉ። ፕላዝማ ፊቱ አንድ ወጥ ወፍራም መስታወት ስለሆነ ነጸብራቁ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው፤ ጀርባው ከላይ እስከ ታች በአየር ማስወጫ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፣ አንዳንዱም ትንንሽ ማራገቢያዎች ይታዩበታል። ፍሎረሰንት መብራት ያለው የድሮ ኤልሲዲ ውፍረቱ ለፕላዝማ ሊቀርብ ይችላል፤ ፊቱ ግን በአብዛኛው ደብዛዛ ነው፣ የመስኮቱን ብርሃን እንደ ጭጋግ ይበትነዋል። «አብዛኛው» ማለት ግድ ነው፤ ፊታቸው የሚያብረቀርቅ ኤልሲዲዎችም ተሸጠዋልና ነጸብራቅ ብቻውን አይፈርድም። ስቲከሩ ላይ ያለው ዋትም ሁሉንም አይለይም፦ የ42 ኢንች ፕላዝማና የ42 ኢንች ፍሎረሰንት ኤልሲዲ ሁለቱም ከ200 ዋት ሊያልፉ ይችላሉ። ዋቱ የሚለየው እነዚህን ሁለቱን በአንድ ወገን፣ በዚያው መጠን ብዙ ጊዜ ከ100 ዋት የማይዘለውን ባለ ኤልኢዲ በሌላ ወገን አድርጎ ነው።

ኦሌድ የሚታወቀው ከጎን ነው። የጀርባ መብራት ስለሌለው የላይኛው ክፍሉ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚወፍር መስታወት ነው፤ ቦርዶቹና ድምፅ ማጉያዎቹ የተሰበሰቡበት ወፍራም ሣጥን ታችኛው ክፍል ላይ ይቀመጣል፣ በመካከላቸውም እንደ ደረጃ የሆነ ግልጽ መውረጃ አለ። ከጫፍ የሚበራ ቀጭን ኤልሲዲም ተመሳሳይ ደረጃ ሊኖረው ይችላል። ልዩነቱ የላይኛው ጫፍ ነው፦ ኤልሲዲ በጀርባ መብራቱ፣ በብርሃን ማሰራጫው ንጣፍና በሚይዛቸው ክፈፍ ምክንያት ከኦሌድ ይወፍራል። ከጎን ያልተነሣ ፎቶ ይህን ስለማያሳይ በፊት ለፊት ፎቶ ብቻ ኦሌድን የሚለይ ሰው ሲገኝ መጠራጠር ተገቢ ነው። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ከ2022 ወዲህ የመጣው የሳምሰንግ ዲስፕሌይ ኦሌድ ፊቱ ላይ ብርሃንን የሚያጠፋው ፖላራይዘር ስለሌለው ደማቅ ብርሃን ባለበት ክፍል ጠፍቶ ሲነሣ ከጥቁርነት ይልቅ ወደ ግራጫ ወይን ጠጅ ይሳባል።

ሁለተኛው ደረጃ ግን ከጠርዝ አይታይም። አይፒኤስን ከቪኤ ለመለየት ስክሪኑ በርቶ ነጭ ምስል እያሳየ ካሜራው በጣም ተጠግቶ ነጥቦቹን ማንሣት አለበት። ጠርዝን አይቶ «ይህ ቪኤ ነው» የሚል ሰው ሞዴሉን ከሌላ ቦታ አውቆ የሞዴሉን መግለጫ እያነበበ ነው እንጂ ከፎቶው አላየም።

አንድ ፎቶ ሲመረመር

ይህን ሁሉ በአንድ ምሳሌ ማየት ይሻላል። ማርካው የወደቀ ቴሌቪዥን ሦስት ፎቶ አለ እንበል፦ የጀርባው ሙሉ፣ የፖርቶቹ ቅርብና የፊቱ። በቅርቡ ፎቶ ላይ አንዱ «ኤአርሲ» የሚል ሁለት ኤችዲኤምአይ፣ ቪጂኤ፣ ስካርት፣ ለስላሳ አንቴና፣ ባለ ክር የሳተላይት መግቢያና የካርድ ስንጥቅ ይታያሉ። የቪዲዮና የድምፅ መግቢያው በቀይ፣ ቢጫና ነጭ ፋንታ በትንሽ ክብ ቀዳዳ ነው፣ መገናኛ ገመድ የሚፈልግ።

መጀመሪያ መጠኑ። የኤችዲኤምአይ አፍ ወደ 14 ሚሊሜትር ስለሚሰፋ ራሱ ማስመሪያ ነው። በቅርቡ ፎቶ 70 ነጥብ ከያዘ ለአንድ ሚሊሜትር 5 ነጥብ ደረሰ። በዚያው ፎቶ በግድግዳ ማንጠልጠያው ሁለት ቀዳዳዎች መካከል 1000 ነጥብ አለ፤ ይህ 200 ሚሊሜትር ነው፣ ከተለመዱት የማንጠልጠያ ልኮች ጋርም ይገጥማል። አሁን ወደ ሙሉው ጀርባ እንሂድ። እዚያ 200 ሚሊሜትሩ 180 ነጥብ ከሆነና የቴሌቪዥኑ ወርድ 655 ነጥብ ከሆነ፣ ወርዱ ወደ 728 ሚሊሜትር ነው። ለሁለቱ ጎን ጠርዝ 20 ሚሊሜትር ሲቀነስ 708 ይቀራል፤ 16 በ9 በሆነ ስክሪን ወርዱ የሰያፉ 0.87 እጥፍ ስለሆነ ሰያፉ 81 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 32 ኢንች ሆነ። ካሜራው ጎን ለጎን ዘንበል ብሎ ከተነሣ ወይም ፖርቶቹ ከማንጠልጠያው ጠለቅ ብለው ከተቀመጡ ስሌቱ ይዛባል። ውጤቱ ከ32 ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ቢል ኖሮ ግን ወደ 32 መጠጋጋት ይቻል ነበር፤ ፓነል በማንኛውም ልክ አይሠራምና።

መጠኑ 32 መሆኑ ኦሌድን ይዘጋል፣ ፕላዝማንም እጅግ ያርቃል። የጀርባው የአየር ቀዳዳ ጥቂት መሆኑና የላይኛው ክፍል ቀጭን መሆኑ ከፍሎረሰንት ይልቅ ኤልኢዲ መብራትን ያስመርጣል። ኤአርሲ ከ2009 በፊት አይወስደንም፤ ስካርትና ቪጂኤ አብረው መኖራቸው ደግሞ ከ2010ዎቹ አጋማሽ ብዙ እንዳንርቅ ይመክራል፣ ባያስገድድም። ስካርቱ፣ ለስላሳው አንቴናና የካርዱ ስንጥቅ ገበያውን አውሮፓና አካባቢው ያደርጉታል።

ማርካው ላይ ስንደርስ ግን ማስረጃው ይሳሳል። የሳምሰንግም የኤልጂም የጥገና ጽሑፍ አይታይም። አለመታየት ደካማ ማስረጃ ነው፤ ያ ጽሑፍ የሌላቸው ሞዴሎች አሉና። በትንሽ ቀዳዳ የሚገባው ቪዲዮ ከስካርት ጋር ሲጣመር ቬስቴልን የመሰለ የኮንትራት አምራች ያስጠረጥራል። ከዚህ በላይ መሄድ ግምት ነው። የፎቶዎቹ ሐቀኛ መልስ «32 ኢንች፣ ባለ ኤልኢዲ ኤልሲዲ፣ ከ2010 እስከ 2015 አካባቢ፣ ለአውሮፓ ገበያ፣ ማርካው ያልታወቀ» ነው። መርማሪ በዚህ ብዙ ሊሠራ ይችላል። ጠጋኙ ግን ቦርድ ለማዘዝ ገና አልበቃውም፤ ጀርባው ተከፍቶ በሜይን ቦርዱ ላይ የታተመው ቁጥር መነበብ አለበት። የቬስቴል ከሆነ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በ«17ኤምቢ» ይጀምራል።

እስካሁን ያልተቋጨው

የዛሬው ክርክር ያተኮረው ማስረጃው ከዕቃው ጋር ስለመቆየቱ ነው። ፖርት አይነቀልም የሚለው አስተሳሰብ ትክክል የነበረው ቦርድ ሲበላሽ የራሱ ቦርድ በሚተካበት ጊዜ ነው። ዛሬ በአፍሪካና በእስያ የጥገና ገበያዎች፣ በአዲስ አበባም ጭምር፣ የተበላሸን ሜይን ቦርድ አውጥቶ ለብዙ ፓነል የሚስማማ ዩኒቨርሳል ቦርድ መግጠም የተለመደ ነው። ያ ሲሆን ፖርቶቹ ስለ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ስለ ጥገናው ይናገራሉ። በፎቶ ላይ መለየት ይቻላል፦ ቀዳዳዎቹ አጠገባቸው ከተጻፈው ጋር አይገጥሙም፣ ፕላስቲኩ በጋለ ብረት ወይም በመጋዝ ተቆርጦ ይታያል፣ ስካርት በተጻፈበት ቦታ ኤችዲኤምአይ ይኖራል። ጥሩ ጠጋኝ ጠርዙን አስተካክሎ ከቆረጠው ግን ፎቶው ይሸነግላል። የኔ ሚዛን እንዲህ ባለ ገበያ ለተነሣ ፎቶ የፖርትን ማስረጃ ዝቅ አድርጎ የጠርዙንና የውፍረቱን ከፍ ማድረግ ነው፤ ፓነሉ ከክፈፉ ጋር አብሮ የመቆየት ዕድሉ ይበልጣልና። ለአውሮፓ ወይም ለአሜሪካ ሳሎን ፎቶ ግን ይህን ሚዛን መገልበጥ ይቻላል።

የማርካ ጽሑፍም በዚሁ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ባዶ ጠርዝ ላይ የታወቀ ስም መለጠፍ አስቸጋሪ አይደለም። ትልልቆቹ ማርካዎች ስማቸውን ብዙ ጊዜ በክፈፉ ላይ ያትሙታል ወይም በብረት ይተክሉታል፤ የተለጠፈ ስም ጫፉ ቀና ይላል፣ ፊደላቱም እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ግን ይህን የሚያሳይ ቅርብ ፎቶ የሚልክ ሻጭ ጥቂት ነው።

ስቲከሩ ሁሉንም ይፈታል የሚሉም አሉ። የሞዴሉ ቁጥር ማርካውን፣ መጠኑንና ገበያውን በአንድ መስመር ይናገራል፤ የሳምሰንግ ቁጥር በ«ዩኤን» ሲጀምር ለሰሜን አሜሪካ፣ በ«ዩኢ» ሲጀምር ለአውሮፓ፣ በ«ዩኤ» ሲጀምር ለእስያ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለአፍሪካ ነው፤ ተከትሎ የሚመጣው ቁጥር ኢንቹ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ከውጭ አይገኝም። ሆኖም ስቲከሩ የተለጠፈው በጀርባው ክዳን ላይ ነው። ስክሪኑ የተሰበረ ቴሌቪዥን ክዳን ቦርዱ ወደ ተቃጠለ ሌላ ቴሌቪዥን ሊዛወር ይችላል፣ ሁለቱ አንድ መጠንና አንድ የብሎን አቀማመጥ እስካላቸው ድረስ። በዚያ ጊዜ ስቲከሩ በትክክል የሚናገረው ስለ ክዳኑ ብቻ ነው፤ የፓነሉ የራሱ ስቲከር ደግሞ ከብረት ጀርባው ላይ፣ ክዳኑ ሳይከፈት በማይታይበት ቦታ ይገኛል።